ነገ ጠዋት ስለማመጣት ኮሮላ ጎማ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ልገዛት ያሰብኳትን የ2004 ሞዴል ኮሮላ (ማንዋል) ነገ ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ይዤ እመጣለሁ። ለሻጩ ቅዳሜ መልስ እሰጣለሁ ብያለሁ፤ ቀብድ ገና አልከፈልኩም። ዛሬ ከደብረ ብርሃን እስከ ጫጫ ደርሶ መልስ ነድቻታለሁ። የጎማ ንፋስ ጠዋት በብርዱ ሳትንቀሳቀስ ለካሁ፦ ፊት ግራ 31፣ ሌሎቹ ሦስቱ 32። በሾፌሩ በር ላይ የተጻፈውም 32 ነው፤ ስለዚህ ችግሩ የንፋስ ማነስ አይመስለኝም።

ከሁሉም በፊት የኋላ ቀኙን ይዩልኝ። በቀስታ ስትሄድ ዱብ ዱብ ይላል። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሴኮንድ 3 ጊዜ ያህል ይመታል፣ ፍጥነት ስጨምር ምቱም አብሮ ይፈጥናል። ጎማዎቹ 185/70 አር 14 ናቸው፤ ዙሪያቸው 1.9 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ምቱ በጎማው አንድ ዙር አንድ ጊዜ ነው ማለት ነው። መኪናዋ 4 ወር ቆማ ስለነበር ጎማው በቆመበት ጠፍጥፎ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ግን 40 ደቂቃ ነድቼም አልተወም። ጥርሱ መሐል የተሰካ ጠጠር ፈልጌ አላገኘሁም። ውስጥ ያለው ሽቦ ተላቆ እንዳይሆን እፈራለሁ። እባክዎ ጎማውን አውርደው የውስጥ ጎኑን በእጅ ይዳብሱት፣ ከዚያ ባላንስ ማሽኑ ላይ ቀስ አድርገው ያዙሩትና ጥርሱ ከፍ ዝቅ ሲል ይመልከቱ። እብጠት ካለ ባላንስ አይሥሩለት፤ እርሳስ ቢለጠፍበት ምቱን ይደብቀው ይሆናል እንጂ ጎማውን ከመፈንዳት አያድነውም። በዚሁ ምክንያት ጣርማ በርን አልወረድኩም፤ ስለዚህ ፍሬኑ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ምን እንደሚሆን አልተሞከረም።

ሁለተኛው ንዝረት ነው። መሪው ላይ ከ80 ይጀምራል፣ 95 ላይ ይብሳል፣ ከ105 በላይ ይቀንሳል። ወንበሩ ላይ እምብዛም አይሰማም፤ ስለዚህ ከፊት ጎማዎች ይመስለኛል። ሜዳ ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጌ ስለቀው አልተለወጠም፣ ስለዚህ ከሞተሩ አይደለም። ከ90 ፍሬን ስይዝም አልጨመረም፣ ዲስኩን ብዙም አልጠረጥርም። ባላንስ ከመሥራትዎ በፊት ቸርኬው መጣመሙን ይዩልኝ፤ የፊት ቀኙ ጠርዝ ላይ የመዶሻ ምልክት አለ፣ ተቀጥቅጦ የተቃና ይመስላል።

መሳቡ ወደ ግራ ነው። አስፋልታችን ውኃ እንዲወርድ ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል ትንሽ ወደ ቀኝ ብትል አይገርመኝም ነበር፤ ሽቅብ ወደ ግራ መሳቧ ግን የመንገዱ አይደለም። በ60 መሪውን ላላ ሳደርገው 5 ሴኮንድ ባልሞላ ጊዜ መሐሉን መስመር ትነካለች። ፍሬን ስይዝም ስለቅም መሳቡ ያው ነው። እንደቆምኩ እጄን ወደ አራቱም ቸርኬዎች አስጠጋሁ፣ ከሌላው የበለጠ የጋለ የለም፤ የያዘ ፍሬን አይመስልም።

የፊት ግራው ጎማ ጥርስ ከውጭ 5፣ ከውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ዶት ቁጥሩ 1417 ነው፣ ማለትም በፈረንጆች 2017 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ፤ ቀኙ 0921 ነው። ዕድሜያቸው ይህን ያህል ስለሚለያይ አላይመንት ሳይነኩ የፊት ሁለቱን ግራና ቀኝ አቀያይረው ይንዷት። መሳቡ ወደ ቀኝ ከዞረ ጎማው ነው፤ በግራው ከጸና አላይመንት ወይም ከሥር ያለ ዕቃ ነው። ጎማዎቹ ላይ የአዟዟር ቀስት የለም፣ መቀያየር ይቻላል። የውስጡ ብቻ መበላቱ ግን አላይመንት ቢሠራም መልሶ የሚያበላሽ ላላ ያለ ቴስቲኒ ሊኖር እንደሚችል ይነግረኛል፤ በክሪክ አንስተው ይነቅንቁልኝ።

የቀረው ኡኡታ ነው። ከ50 ጀምሮ ይሰማል፣ በፍጥነት ይጨምራል፣ ለስላሳውም ሻካራውም አስፋልት ላይ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። ወደ ቀኝ ስታጠፍ፣ ክብደቱ ወደ ግራ ሲሄድ ይጎላል፣ ወደ ግራ ስታጠፍ ይቀንሳል። የግራ ፊት ኩሽኔታን እጠረጥራለሁ። ጎማው ከፍ ብሎ ሲዞር ሞላው ላይ እጅዎን ያሳርፉ፣ ሻካራ ከሆነ ይሰማዎታል።

ዋጋውን ለየብቻ ቢጽፉልኝ፦ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ አላይመንት። ሻጩ ላይ የማስቀንሰው በዚያ ነው። ጥርሱን በእያንዳንዱ ጎማ ከውጭ፣ ከመሐል፣ ከውስጥ ለክተው ቢያስቀምጡልኝ ደስ ይለኛል። ስኮርታውንም አይተው መጠኑ ከሌሎቹ ጋር እኩል መሆኑን ይንገሩኝ፤ እኔ አልከፈትኩትም። ሲመልሱ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ እያፈራረቁ በእጅ ያጥብቁልኝ፣ በማሽን አይጨርሱት። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ እኔ እደግመዋለሁ።