የመድኃኒት መጋዘን ርክክብ፣ ከሰኞ ጀምሮ ለ2 ሳምንት

ሰላም ሔለን፣

እንደነገርኩሽ እናቴ ቀዶ ሕክምና ስላለባት ከሰኞ ጀምሮ ለ2 ሳምንት ፈቃድ ላይ ነኝ። መጋዘኑን አንቺ ስለምትይዢው ልቤ አርፏል። ግን መዝገብ ላይ የማይገኝ፣ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ስላለ ልጻፍልሽ።

ከሁሉም በፊት ፍሪጁ። ሙቀቱን ጠዋት ስትገቢና ማታ ስትወጪ እያነበብሽ በር ላይ የተለጠፈው ቅጽ ላይ መዝግቢ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። ቅዳሜና እሁድ ተረኛው ነርስ ይመዘግባል፤ ሰኞ ጠዋት ግን ቅጹን ራስሽ እዪው። የትልቁ ፍሪጅ በር ከታች በቀኝ በኩል ጎማው ላልቷል። የተዘጋ ይመስላል፣ አልተዘጋም። ጥጉን በእጅሽ ጫን አድርገሽ አንድ ወረቀት ሰካ አድርጊበትና ሳቢው፤ በቀላሉ ከወጣ በሩ አልገጠመም ማለት ነው። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት 9 ዲግሪ አግኝቼ ኢንሱሊኑንና ክትባቱን ወደ ትንሹ ፍሪጅ አዛውሬያለሁ። ጎማው እስኪቀየር እዚያው ይቆዩ። ጥገና ክፍል ማክሰኞ እቀይራለሁ ብሏል። እስከ 6 ሰዓት ካልመጡ ደውዪላቸው።

ትንሹ ፍሪጅም ከ8 ካለፈ ምንም እንዳትጥዪ። ዕቃውን ለብቻው አድርገሽ «አይሰጥም» ብለሽ ጻፊበት፣ ወደ ቀዝቃዛ ሣጥኑ አስገቢው፣ ከዚያ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ንገሪ። የበረዶ ጥቅሉን ከፍሪዘር እንዳወጣሽ ሣጥኑ ውስጥ አትክተቺው። ሲነቀነቅ ውስጡ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ውጭ ይቆይ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አንዴ በረዶ ከነካው አለቀለት፣ ኢንሱሊንም እንደዚያው። ሙቀቱን ሁሉም ይፈራዋል፤ ብዙ ጊዜ ዕቃ የሚያበላሽብን ግን ቅዝቃዜው ነው።

ሌሎቹ አስቸኳይ ጉዳዮች፦

ረቡዕ ጠዋት 40 ካርቶን ግሉኮስ ይገባል። ካርቶኑን ሳትከፍቺ እንዳትፈርሚ፣ አደራ። ባለፈው ጊዜ ከ2 ካርቶን ጠርሙስ ጎድሎ ተገኝቶ፣ ስለፈረምን አቅራቢው አልቀበልም አለን። ሾፌሩ «እቸኩላለሁ» ይልሻል። ይጠብቅ።

የሕፃናት አሞክሲሲሊን 60 ጠርሙስ በዚህ ወር መጨረሻ ጊዜው ያልፋል። ከፊት ደርድሬዋለሁ፤ ለማከፋፈያው መጀመሪያ እሱን ስጪ። ጠርሙሱ ላይ ወርና ዓመት ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ እስከ ወሩ የመጨረሻ ቀን ይሠራል። ከዚያ በኋላ የተረፈውን ቆጥረሽ በቀይ የተሰመረበት መደርደሪያ ላይ አድርጊው።

ለቀዶ ሕክምና ክፍል የጠየቅነው የጓንት ግዥ ፋይናንስ ጋ ነው። 7 ቁጥር ጓንት ለ10 ቀን ያህል ብቻ ቀርቶናል። ሰኞ ዕለት አስታውሺያቸው፣ ካልመለሱልሽ በአካል ሂጂ።

መደበኛው ሥራ አዲስ አይሆንብሽም። ለዋርዶች ማክሰኞና ዓርብ እናወጣለን። ቢን ካርዱ ዕቃው ሲወጣ እዚያው ይሞላ፣ ለማታ አይተው። «በኋላ ወረቀት እናመጣለን» የሚል ይኖራል፤ ከድንገተኛ ክፍል በቀር ለማንም ያለ መጠየቂያ አትስጪ። ለድንገተኛም ቢሆን ከሥራ መውጫ በፊት ወረቀቱን ተቀበዪ። ወርኃዊ ሪፖርቱ 25 ላይ ይላካል። ግማሹን ሞልቼዋለሁ፣ የቀረሽ የዚህ ሳምንት ወጪ ብቻ ነው።

ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ዲያዜፓም ያለበትን ባለ ሁለት ቁልፍ ቁም ሣጥን ብቻሽን እንዳትከፍቺ። አንዱ ቁልፍ ያንቺ፣ አንዱ የማትሮኗ ነው። ሁለታችሁም ቆጥራችሁ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ዓርብ 10 ሰዓት ላይ ሦስታችን አብረን ቆጥረን ቁልፉን አስረክብሻለሁ።

የምትፈልጊያቸው ሰዎች በውስጥ መስመር፦
ማትሮን ሲስተር አልማዝ፣ 212
ጥገና ክፍል፣ ኃይሉ፣ 118 (መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩንም የሚያስነሳው እሱ ነው)
ፋይናንስ፣ ሰናይት፣ 107
ሜዲካል ዳይሬክተር፣ 101
የአቅራቢዎቹ ስልክ ከመጋዘኑ በር ጀርባ ተለጥፏል።

እኔን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ታገኚኛለሽ። ቀን ቀን ሆስፒታል ስለምሆን ስልኬ ይዘጋል፣ መልእክት ተዪልኝ። የፍሪጁ ነገር ከሆነ ግን እኔን አትጠብቂ፤ መጀመሪያ ዕቃውን አዛውሪ፣ ከዚያ 101 ደውዪ።

ያልገባሽ ካለ እስከ ዓርብ አለሁ፣ ብቅ በዪ። በጣም አመሰግናለሁ፣ ሔሉ።

ተስፋዬ