የአንድ ሚውችዋል ፈንድ አፈጻጸም በካፕኤም ሲመዘን፦ የአልፋ ስሌትና ትርጓሜ

ለኢንቨስትመንት ትንተና ኮርስ የቀረበ የግል ሥራ፣ የማስተርስ የማታ ክፍል፣ ጅማ

ጥያቄ 1፦ ፈንዱ ከገበያው በልጧል?

ለትንተና የተሰጠን መረጃ የአንድ በአሜሪካ አክሲዮኖች ላይ የሚሠራ ፈንድ የ60 ወራት የትርፍ ምጣኔ ነው፤ ፈንዱ በስም ሳይሆን «ፈንድ ሀ» ተብሎ ቀርቧል። ለገበያው መለኪያ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ተወስዷል፤ ከሥጋት ነፃ ለሆነው ትርፍ ደግሞ በዓመት 2.4 በመቶ የሚከፍል የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነድ ተሰጥቶናል። ፈንዱ በአማካይ በወር 1.05 በመቶ ሲያተርፍ ገበያው 0.95 በመቶ አትርፏል። የፈንዱ በራሪ ወረቀት እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም አይፈርድበትም፣ ምክንያቱም 1.05 ከ0.95 ይበልጣል። ይሁን እንጂ ይህ ንጽጽር ፈንዱ ያንን ትርፍ ለማግኘት ምን ያህል ሥጋት እንደተሸከመ ስለማይነግረን ለጥያቄው መልስ ሊሆን አይችልም።

ጥያቄ 2፦ ሞዴሉን ተጠቅማችሁ ቤታንና አልፋን አስሉ።

ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሊንትነር በ1965፣ ሞሲን ደግሞ በ1966 ለየብቻ ባሳተሟቸው ሥራዎች የቆመው ካፕኤም፣ ማለትም የካፒታል ንብረቶች ዋጋ መተመኛ ሞዴል፣ እንደሚለው፣ ባለሀብት ካሳ ሊከፈለው የሚገባው ንብረቶችን በማሰባጠር ሊያስወግደው ለማይችለው የገበያ ሥጋት ብቻ ነው። ጄንሰን በ1968 ይህንኑ ሐሳብ ለፈንዶች መመዘኛ ሲያደርገው ቀመሩ የሚከተለውን መልክ ያዘ።

```
Rp - Rf = α + β(Rm - Rf) + e
```

በግራ በኩል ያለው የፈንዱ ብልጫ ትርፍ፣ ማለትም ከሥጋት ነፃ ከሆነው ትርፍ በላይ ያገኘው ነው። በቀኝ በኩል በቤታ የሚባዛው የገበያው ብልጫ ትርፍ ነው፤ ቤታ ገበያው በአንድ በመቶ ሲንቀሳቀስ ፈንዱ በአማካይ በስንት በመቶ እንደሚንቀሳቀስ ይነግረናል። አልፋ በገበያው እንቅስቃሴ ሊገለጽ ያልቻለው አማካይ ቀሪ ሲሆን፣ e ደግሞ የየወሩ ቀሪ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የፈንዱን ብልጫ ትርፍ በC፣ የገበያውን በD ዓምድ አስቀምጬ ሦስት ትእዛዞችን ተጠቅሜያለሁ።

```
=SLOPE(C2:C61,D2:D61)
=INTERCEPT(C2:C61,D2:D61)
=STEYX(C2:C61,D2:D61)
```

ውጤቱ ቤታ 1.20፣ አልፋ ከዜሮ በታች 0.05 በመቶ በወር፣ የቀሪዎቹ መደበኛ ስህተት 2.17 ነው። በእጅም ሊረጋገጥ ይችላል፦ ከሥጋት ነፃው ተመን በወር 2.4 ÷ 12 = 0.20 ስለሆነ፣ ሞዴሉ ከፈንዱ የሚጠብቀው ትርፍ 0.20 + 1.20 × (0.95 − 0.20) = 1.10 በመቶ ነው፤ ፈንዱ ያገኘው 1.05 ስለሆነ ልዩነቱ −0.05 ይሆናል።

እዚህ ላይ በመጀመሪያው ሙከራዬ የሠራሁትን ስህተት ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የግምጃ ቤት ሰነዱን ዓመታዊ ተመን ለ12 ሳላካፍል 2.4 ብዬ ከየወሩ ትርፍ ቀንሼው ነበር። ቤታው 1.20 ሆኖ ሳይነቃነቅ አልፋው ግን በወር +0.39 በመቶ ሆኖ ወጣ፤ ይህም በዓመት 4.7 በመቶ ገደማ ነው። ለጥቂት ደቂቃዎች ድንቅ ሥራ አስኪያጅ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ስህተቱ የሚመጣበት መንገድ ግልጽ ነው፤ የቤታ ዋጋ ከ1 በላይ ሲሆን የተጋነነ ከሥጋት ነፃ ተመን ከገበያው ወገን በ1.20 ተባዝቶ፣ ከፈንዱ ወገን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚቀነስ፣ ልዩነቱ (0.20 × 2.20 = 0.44) ሳይታወቅ ወደ አልፋ ይገባል። ቤታው ትክክል መምሰሉ ስህተቱን ይበልጥ ይሸፍነዋል። ብልጫ ትርፉን ትቶ በጥሬው ትርፍ ሪግሬሽን ለሚሠራም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፦ የሚያገኘው መነሻ −0.09 ሲሆን ይህ አልፋ አይደለም፤ አልፋ ለመሆን ከሥጋት ነፃው ተመን በ(1 − ቤታ) ተባዝቶ ሊቀነስለት ይገባል።

ጥያቄ 3፦ አልፋውን ተርጉሙ። ሥራ አስኪያጁ ክፍያውን አግኝቶበታል?

ፈንዱ በወር ከገበያው 0.10 በመቶ የበለጠው የተሻለ አክሲዮን ስለመረጠ ሳይሆን ከገበያው 20 በመቶ የሚበልጥ የገበያ ሥጋት ስለያዘ ነው። ይህንን ያለ ሥራ አስኪያጅ ማግኘት ይቻል እንደነበር በቁጥር ማሳየት ይቻላል። 100 ዶላር ያለው ሰው 20 ዶላር በግምጃ ቤት ሰነዱ ተመን መበደር ቢችልና 120ውን በሙሉ በገበያው ኢንዴክስ ላይ ቢያውለው፣ 1.20 × 0.95 − 0.20 × 0.20 = 1.10 በመቶ ያገኝ ነበር። አሉታዊው አልፋ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ተመሳሳይ ሥጋት በርካሽ መንገድ ቢያዝ በወር 0.05 በመቶ የተሻለ ያስገኝ ነበር።

ሆኖም ከዚህ ተነስቶ «ሥራ አስኪያጁ ችሎታ የለውም» ማለት ከማስረጃው በላይ መናገር ነው። የአልፋው መደበኛ ስህተት 0.28 ነው፤ ስለዚህ ቲ-ስታቲስቲክሱ −0.18 ይሆናል፣ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉም ከ−0.62 እስከ +0.52 ይዘረጋል። ክልሉ እጅግ መጥፎ ሥራ አስኪያጅንም እጅግ ጎበዝንም ያካትታል። በአንጻሩ ቤታው ከ1 በስታቲስቲክስ ይለያል (ቲ = 3.1)፤ ፈንዱ ከገበያው የበለጠ ሥጋት መያዙን በልበ ሙሉነት መናገር ይቻላል።

የክፍያው ጉዳይ ሌላ ገጽታ ይጨምራል። ፈንዱ በዓመት 1.20 በመቶ የአስተዳደር ክፍያ ይወስዳል፣ በወር 0.10 መሆኑ ነው፤ የተሰጠን ትርፍ ደግሞ ከክፍያ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ ከክፍያ በፊት አልፋው +0.05 ነበር። በነጥብ ግምቱ ከሄድን ሥራ አስኪያጁ ጥቂት እሴት ፈጥሮ የፈጠረውን እጥፍ አስከፍሏል፤ ለባለሀብቱ የቀረለት ግን ጉድለቱ ነው። ይህም ቢሆን የነጥብ ግምት ብቻ ነው፤ 0.05 የሆነ አልፋን በዚህ ዓይነት መዋዠቅ መካከል ከዕድል ለመለየት ከ600 ዓመት በላይ የሚሆን ወርሃዊ መረጃ ያስፈልጋል። ጄንሰንም ከ1945 እስከ 1964 ባሉት ዓመታት 115 ፈንዶችን ሲመረምር ከወጪ በኋላ አማካይ አልፋቸው በዓመት −1.1 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። የእኛ ፈንድ −0.6 ገደማ ሲሆን ከዚያ ቤተሰብ የወጣ አይደለም።

የመለኪያው ምርጫም ሊታለፍ አይገባም። ፈንዱ በመመሪያው በአነስተኛ ኩባንያዎች ላይ እንደሚያተኩር ይገልጻል፤ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ግን የትላልቆቹ ነው። የሪግሬሽኑ አር-ስኩዌር 0.86 ስለሆነ ገበያው ያልገለጸው 14 በመቶ መዋዠቅ ከፊሉ የኩባንያ መጠን ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ፋማና ፍሬንች በ1993 የመጠንን ፋክተር ለብቻው ያስገቡትም ለዚህ ዓይነቱ ክፍተት ነው። ያ ፋክተር ቢጨመር የአልፋው ምልክት ራሱ ሊለወጥ ይችላል።

ጥያቄ 4፦ ይህን ስሌት በአገራችን መጠቀም ይቻላል?

ቀመሩ ይሠራል፤ የሚያስቸግረው መረጃው ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጥቶ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሥራ ጀመረ። የግምጃ ቤት ሰነድ ስላለን ለከሥጋት ነፃው ተመን መነሻ አናጣም። ገበያው ግን ከተከፈተ ገና 60 ወራት አልሞሉትም፣ በዚህ ሥራ የተጠቀምነውን ያህል እንኳ ምልከታ ማግኘት አይቻልም።

ከዚህም የሚጠልቀው ሮል በ1977 ያነሳው ትችት ነው። ሞዴሉ «ገበያ» የሚለው ኢንዴክስን ሳይሆን የሀብት ሁሉ ድምርን ነው። የአንድ የጅማ ነጋዴ ሀብት በመጋዘን ያለ ቡና፣ የሚከራይ ቤትና ምናልባት የባንክ አክሲዮን ነው፤ ከእነዚህ አብዛኛዎቹ በየወሩ የሚታይ ዋጋ የላቸውም። ለእሱ የሥጋት መለኪያ ሊሆን የሚገባው አንድ ፈንድ ከቡና ዋጋ ጋር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው፤ ቡና ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ ፈንድ በኢንዴክሱ ሲለካ አዎንታዊ አልፋ ቢያሳይ እንኳ ለዚህ ሰው ጥሩ ይዞታ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በቂ ምልከታ እስኪሰበሰብ ድረስ ለአገር ውስጥ ፈንድ አልፋ አስልቶ ከማቅረብ ይልቅ ትርፉን፣ ክፍያውንና የንብረት ስብጥሩን ጎን ለጎን ማሳየትን እመርጣለሁ።