የለውጥ አመራር ሞዴሎችና የለውጥ ተቃውሞ መንስኤዎች፦ ከአንድ የደሴ መጋዘን አንጻር

የምሠራበት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ መጋዘን ከገቡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆርጣሉ፤ ቢን ካርዱ ላይ ይመዘግቡና ጉርዱን ይቆልፉበታል። ባለፈው ዓመት ምዝገባው ወደ ኮምፒውተር ይዛወር ተባለ። ኮምቦልቻ ላይ የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጠ፣ አበል ተከፈለ፣ ተጨበጨበ። ሦስት ወር ሲሞላ ሲስተሙ ላይ የገባው ንብረት መጋዘን ካለው ግማሹን እንኳ አይሆንም ነበር። በግምገማው ላይ ጋሼ «የአመለካከት ችግር» ተባሉ።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ነው፦ «የአመለካከት ችግር» የተቃውሞ መንስኤ አይደለም፤ መንስኤውን ከመፈለግ የሚገላግል ስም ነው።

ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1947 ያቀረበው ሐሳብ ለውጥን በሦስት ደረጃ ያየዋል፤ የረጋውን አሠራር ማላላት፣ ማሸጋገር፣ አዲሱን መልሶ ማርጋት። እኔ ግን ከሦስቱ ደረጃዎች ይበልጥ የሚጠቅመን የኃይሎች መስክ ትንተናው ይመስለኛል። አንድ አሠራር ባለበት የሚቆመው የሚገፉትና የሚይዙት ኃይሎች ስለተመጣጠኑ ነው። ግፊት ብቻ ሲጨመር ውጥረቱ ይብሳል፤ የሚይዘውን ኃይል ማንሳት ይሻላል። የእኛ መሥሪያ ቤት የመረጠው መግፋቱን ነበር፦ ደብዳቤ፣ ማስጠንቀቂያ፣ የሳምንት ሪፖርት።

ጆን ኮተር እ.ኤ.አ. በ1996 በመጽሐፍ ያሰፋው ባለ ስምንት ደረጃ ሞዴል ከአጣዳፊነት ስሜት ተነስቶ፣ መሪ ቡድንና ራእይ አልፎ፣ ለውጡን በተቋሙ ባህል ውስጥ እስከ መትከል ይደርሳል። ለትልቅ ተቋም ጥሩ ካርታ ነው፤ ነገር ግን ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል፣ መጋዘን በር ላይ ሲደርስ ይቀጥናል። አድካር የተባለው የጄፍ ሃያት ሞዴል ደግሞ በግለሰቡ ላይ ያተኩራል፦ ግንዛቤ፣ ፍላጎት፣ ዕውቀት፣ ችሎታ፣ ማጽናት። በዚህ ሚዛን ጋሼን ብንለካቸው ግንዛቤውም ዕውቀቱም ነበራቸው፤ የጎደለው ፍላጎት ነው። ለምን ጎደለ የሚለውን ግን ሞዴሉ ብቻውን አይመልስም።

ለዚህ ኮተርና ሽሌሲንገር እ.ኤ.አ. በ1979 የዘረዘሯቸው አራት መንስኤዎች ይረዱናል፦ የግል ጥቅም መነካት፣ አለመግባባትና አለመተማመን፣ የለውጡን ጥቅምና ጉዳት በተለየ መንገድ መመዘን፣ ለውጥን የመሸከም አቅም ማነስ። አለቆች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነው፤ ጥፋቱን ሠራተኛው ላይ ይጥላሉና። የእኛ ጉዳይ ያረፈው ግን መሃል ላይ ነበር።

አንድ ዓርብ ቡና ተፈልቶ ቶናው ሲቀዳ ጋሼን ምን እንደያዛቸው ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ሞዴሉ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በአንድ የይለፍ ቃል ሦስት ሰው የሚገባበት ላይ ማን ምን እንደነካ በምን አውቃለሁ? ጉድለት ሲመጣ ዕዳው የማን ነው?» አሉኝ። ቀጠሉና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ የቢሮው ኮምፒውተሮች መዘረፋቸውን፣ እሳቸው ቤታቸው ወስደው ያስቀመጧቸው ጉርዶች ግን መትረፋቸውን አስታወሱኝ። ይህ የእርጅና ፍርሃት አይደለም። አለቃው ያላየውን አደጋ ያየ ሰው ስሌት ነው።

ኮችና ፍሬንች ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኝ የፒጃማ ፋብሪካ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተሙት ጥናትም ወደዚሁ ይጠቁማል። በለውጡ አነዳደፍ የተሳተፉት ሠራተኞች ምርታማነታቸው ቶሎ አገገመ፤ ውሳኔ ብቻ የተነገራቸው ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሱም፣ ከፊሎቹም ሥራ ለቀቁ። ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም፤ አበጋሮች ዕርቅ ሲያወርዱ የሁለቱንም ወገን ቃል ሳይሰሙ አይጨርሱም። (ሥልጠናው ላይ ግን የጋሼን ቃል የጠየቀ አልነበረም፤ አቴንዳንስ ግን አስፈርመዋቸዋል።)

በኋላ የተደረገው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ የይለፍ ቃል ተሰጠ፤ የዕለቱ ምዝገባ ማታ ታትሞ ጋሼ ይፈርሙበት ጀመር፤ ቅጂው በፍላሽ ተይዞ ከቢሮ ውጭ ይቀመጣል። ማስጠንቀቂያ ሳይጨመር በሁለት ወር ውስጥ ቆጠራው ተጠናቀቀ። በሌዊን ቋንቋ፣ የሚይዘው ኃይል ተነሳ።

መልሶ ማርጋቱ ግን ገና ነው። ባለፈው ወር የመጣው ኦዲተር የሲስተሙን ዝርዝር አገላብጦ አየና የሞዴል 22ን ጥራዝ አምጡ አለ። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ።