የዕለት ትምህርት ዕቅድ፦ የሰዓት ቀጠናዎች በሉልና በመብራት

የትምህርት ዓይነት፦ አካባቢ ሳይንስ
ክፍል፦ 6ኛ
የተመደበው ጊዜ፦ 40 ደቂቃ

ዓላማ፦ ተማሪዎች በአንድ ቅጽበት የተለያዩ አገሮች ሰዓት ለምን እንደሚለያይ በሉሉ ላይ እያሳዩ ያስረዳሉ፤ የአዲስ አበባንና የዋሽንግተንን የሰዓት ልዩነትም ያሰላሉ።

መርጃ መሣሪያ፦ ሉል፣ ሽፋኑ የተነሣለት የጠረጴዛ መብራት፣ ሦስት ቁራጭ ባለቀለም ወረቀት፣ ማጣበቂያ። መብራት ቢጠፋ የእጅ ባትሪ ይተካዋል።

መግቢያ (5 ደቂቃ)፦ መምህሩ «ውጭ አገር ዘመድ ያለው ማን ነው? ሲደውልላችሁ እዚያ ቀን ነው ወይስ ሌሊት?» ብሎ ይጠይቃል። መልሶቹ ሳይታረሙ ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ።

ማሳያ (20 ደቂቃ)፦ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ወረቀቶቹ በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተንና በቶኪዮ ላይ ይለጠፋሉ። አዲስ አበባ ፊት ለፊት ወደ መብራቱ ስትዞር ከቀኑ 6 ሰዓት ነው እንበል፤ በዚያው ቅጽበት ቶኪዮ በብርሃኑና በጥላው ድንበር አካባቢ ሆና ሲመሽባት፣ ዋሽንግተን ገና በጨለማው ውስጥ ናት። ከዚያ አንድ ተማሪ ሉሉን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ቀስ እያደረገ ያዞረዋል። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ መብራቱን ማንቀሳቀስ ይቀናቸዋልና መብራቱ ከቦታው እንዳይነሣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የሚዞረው ሉሉ ነው።

ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። በሉሉ ላይ የኬንትሮስ መስመሮች በየ15 ዲግሪው የተሠመሩ ከሆነ፣ ተማሪው አንዱን መስመር ባሳለፈ ቁጥር ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አንድ ሰዓት» ይላል። ስምንት ሲቆጠር ዋሽንግተን ወደ መብራቱ ትቀርባለች፤ እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ይህ የ8 ሰዓት ልዩነት የክረምታቸው ነው፤ አሜሪካውያን ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት በሚያስኬዱባቸው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት 7 ይሆናል። ቀጠናዎቹ የአገር ድንበር እየተከተሉ ስለሚጣመሙ፣ ሰፊዋ ቻይና እንኳ በአንድ ሰዓት ብቻ እንደምትተዳደር በአጭሩ ይነገራል።

ማብራሪያ (8 ደቂቃ)፦ ተማሪዎችን በጣም የሚያደናግረው ይህ ክፍል ነው፤ ቢቻል አይታጠፍ። የስልኩ ሰሌዳ 12:00 ሲል እኛ 6 ሰዓት የምንለው ቀጠናችን ስለተለየ ሳይሆን ቆጠራችንን ከንጋት ስለምንጀምር ነው። ናይሮቢ ከእኛ ጋር በአንድ ቀጠና ውስጥ ናት፤ ፀሐይ በሉሉ ላይ ለሁለታችንም እኩል ታበራለች፣ የሚለያየው የምንጠራው ቁጥር ብቻ ነው። መምህሩ ሁለት የሰዓት ገበታዎችን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ሥሎ ያሳያል።

ምዘና (7 ደቂቃ)፦ «ታኅሣሥ ላይ አክስትህ ዋሽንግተን ሆና ከጠዋቱ በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ስትደውልልህ አንተ ዘንድ ስንት ሰዓት ነው?» መልሱ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ተማሪው መልሱን በሉሉ ላይ አዙሮ ካላሳየ ሙሉ ነጥብ አይሰጠውም።