ትውውቅ፦ ዶ/ር ሰዒድ (ኩታበር) እና መዲና (ኮምቦልቻ)፣ በበግ ሌጦ እከክ ጉዳይ

ሰላም ዶክተር፣ ሰላም መዲና፣ እንዴት ናችሁ

ሁለታችሁንም በስልክ ጠይቄ እሺ ስላላችሁኝ ነው በአንድ ኢሜይል ያገናኘኋችሁ።

መዲና፣ ዶክተር ሰዒድ ኩታበር ወረዳ ላይ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፣ በየቀበሌው እየዞሩ በግ የሚያስረጩት እሳቸው ናቸው። ገበሬው በጓ አጥር ላይ ስትታከክ እያየ "ብርድ ነው" ሲላቸው ፀጉሯን ገለጥ አድርገው ቅማሉንና ያቺን ክንፍ የሌላትን ደም መጣጭ ዝንብ በጣታቸው ያሳዩታል፣ ያኔ በቃ ሰውየው ራሱ ጎረቤቱን ጠርቶ ይመጣል። ግን ያስረጯት በግ ታርዳ ሌጦዋ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው የለም።

ዶክተር፣ መዲና ኮምቦልቻ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ባለሙያ ናት። እርስዎ የሚያክሟት ነገር መጨረሻዋ ላይ ያለችው እሷ ናት። ሌጦው ከነፀጉሩ ሲገባ ንፁህ ይመስላል፣ ፀጉሩ ተነስቶ ፒክል ሲሆን ነው ያ ነጠብጣብ ብቅ የሚለው፣ ያኔ ደግሞ ለነጋዴው ተከፍሎ አልቋል፣ ግሬዱ ወርዷል። ከየት ቀበሌ እንደመጣም አታውቅም፣ ሰብሳቢው ጋ ሁሉም ይቀላቀላል።

እኔ የገበሬ ማህበራት ሌጦ ግብይት ላይ ስለምሰራ መሀል ላይ ሆኜ ሁለቱንም ሳይ በጣም ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ገበሬው መርጨት ዋጋ እንዳለው በዓይኑ ካላየ በሚቀጥለው ዙር በጎቹን ይዞ አይመጣም።

ያሰብኩት ትንሽ ሙከራ ነው። ዶክተር ከተረጨበት አንድ ቀበሌና ካልተረጨበት አንድ ቀበሌ 20 20 ሌጦ ያስለዩልን፣ የተረጨው ጅራቱ በኩል ጠርዙ ላይ አንድ ቀዳዳ፣ ያልተረጨው ሁለት ቀዳዳ ይበሳ (ክር አትሰሩበት፣ ኖራው ውስጥ ይጠፋል)። መዲና ፒክል ሲወጣ ለይተሽ ትቆጥሪያለሽ፣ ፎቶም ታነሽልናለሽ። ማጓጓዣውን አብሽሩ እኔ እችላለሁ።

የሚቸኩለው ለምን መሰላችሁ፣ አረፋ ላይ ብዙ በግ ይታረዳል፣ ቁስሉ ደግሞ ከተረጨ በኋላ ለመሻር ጊዜ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ውጤቱ ቶሎ ከደረሰ ዶክተር የሚቀጥለውን ርጭት ከበዓሉ አስቀድመው ያደርጉታል።

መዲና፣ መጀመሪያ አንቺ መልሺ፣ ሌጦውን የምትቀበይበትን ቀን እስከ ሐሙስ ፃፊላቸው። ዶክተር እሱን አይተው ቀበሌዎቹን ይምረጡ። ከተመቻችሁ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ፋብሪካው በር ላይ እንገናኝ፣ ዶክተር ከደሴ በኔ መኪና አብረን እንወርዳለን፣ እከክ ያለበትን ፒክል በዓይንዎ ቢያዩት እመርጣለሁ። ስልካችሁን ለየብቻ ልኬላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ
ከማል፣ ደሴ