የናቲ ቢጫ እጅ
የአኒሜሽን ስቶሪቦርድ፣ ትዕይንት በትዕይንት

ርዝመት፦ 5 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። ተመልካች፦ ከ4 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆች።
ቦታና ጊዜ፦ ደብረ ብርሃን፣ የገና ዕለት። ብርድ አለ። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል።

ገጸ ባሕርያት፦ ናቲ (6 ዓመቱ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ)። ቱቱ (እህቱ፣ መዳህ የጀመረች)። እማማ (አያታቸው፣ ነጭ ነጠላ፣ ቀጭን ረጅም ጣቶች)። እናት። ጋሼ ተፈራ (አጎት፣ ባለ ትልቅ ሆድ)። ድመቷ።

ለሠዓሊዎች ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ጀርም አንሥልም። ዓይንና ጥርስ ያለው አረንጓዴ ጭራቅ ከሣልን ትንንሾቹ ይፈሩታል፣ ተለቅ ያሉት ደግሞ ይወዱታል። ሁለቱንም አንፈልግም። በጀርም ፋንታ የምናሳየው ቢጫ ቅቤ ነው። ሁለተኛ፣ ናቲ አይታመምም። መርፌ የለም፣ ሐኪም ቤት የለም። በመርፌ የፈራ ልጅ መርፌውን እንጂ ሳሙናውን አያስታውስም።

ቀለም፦ ግቢው ግራጫና ቡናማ ይሁን። ደማቅ ቢጫ ለቅቤው ብቻ ይቀመጥ። የናቲን ሹራብ ሰማያዊ አድርጉት።

ትዕይንት 1፦ የሽንት ቤቱ በር (20 ሰከንድ)
ሰፊ ዕይታ። የቆርቆሮ በር። ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ባለቧንቧ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። አይ፣ ጀሪካኑ ነጭ ይሁን፣ ቢጫውን እንዳይሻማብን። ጎኑ በተሰበረ ሲኒ ማስቀመጫ ላይ አንድ ሳሙና።
በሩ ሲጥ ይላል። ናቲ ሱሪውን ወደ ላይ እየጎተተ ይወጣል። አንድ ጣቱን ወደ ቧንቧው ይዘረጋል። ጠብታ ትነካዋለች።
ናቲ፦ «እእእ! በረዶ!»
ይሮጣል። ካሜራው አይከተለውም፤ ሳሙናው ላይ ይቀራል። ሳሙናው ደርቋል፣ መሀሉ ተሰንጥቋል። ሦስት ሰከንድ ዝም በሉ። ይህን ፍሬም በደንብ ያዙት፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ትዕይንት 2፦ ሜዳው (25 ሰከንድ)
ልጆች ገና ይጫወታሉ። ዱላ ከዱላ ይጋጫል፣ ሩሯ ትበራለች። ላሞች ዳር ላይ ይግጣሉ። ሩሯ እበት ውስጥ ጭልጥ ትላለች። ናቲ በእጁ ያወጣታል፣ ሣሩ ላይ ጠረግ ያደርጋታል፣ ጨዋታው ይቀጥላል።
ድምፅ፦ ጩኸት፣ ሳቅ፣ ከሩቅ የእናት ጥሪ፦ «ናቲዬ! እንግዶች መጡ! ዛሬ አስታጣቢው አንተ ነህ!»
ናቲ ይህን ሲሰማ ደረቱ ይነፋል። ማስታጠብ የትልቅ ልጅ ሥራ ነው።

ትዕይንት 3፦ ማዕድ ቤት (30 ሰከንድ)
ሞቅ ያለ ብርሃን፣ ጭስ። ዶሮ ወጡ ይንተከተካል። እናት ጀርባዋን ሰጥታ እንቁላል ትልጣለች። ጥግ ላይ የተነጠረ ቅቤ ያለበት ድስት አለ። እርድ የገባበት ስለሆነ ወርቅ ይመስላል።
ቅርብ ዕይታ፦ የናቲ አፍንጫ ሁለቴ ትነፋለች። ከ40 ቀን ጾም በላይ ቅቤ ያልሸተተበት ቤት ነው፤ ይህን ልጅ አትውቀሱት። እጁ ወደ ድስቱ ይገባል። ሙሉ መዳፉ።
በጣም ቅርብ ዕይታ፦ ጣቶቹ ያብለጨልጫሉ። ቅቤው በጣቶቹ መሀል ይዘረጋል፣ ጥፍሮቹ ሥር ይገባል፣ የመዳፉን መስመሮች ይከተላል። ይህን ሥዕል ሳትቸኩሉ ሥሩት። የፊልሙ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው።
እናት (ሳትዞር)፦ «ናቲ፣ እጅህን ታጠብ!»
ናቲ፦ «እሺ!»
ጣሳ ውስጥ ያለ ውሃ ላይ የጣቶቹን ጫፍ ነከር። ከዚያ ሱሪው ላይ ጠረግ።
ናቲ፦ «ታጠብኩ!»

ትዕይንት 4፦ ቢጫው ይጓዛል (35 ሰከንድ)
ንግግር የለም። ክራር ብቻ፣ ፈጠን ያለ።
የናቲ እጅ በር ይነካል፤ ቢጫ አሻራ። ወንበር ይስባል፤ ቢጫ አሻራ። ድመቷን ይደባብሳል፤ ጀርባዋ ላይ አምስት ቢጫ መስመር። ድመቷ እየላሰች ትሄዳለች፣ ጋሼ ተፈራ እግር ላይ ትታከካለች፤ ሱሪው ቢጫ ይሆናል። ጋሼ ሱሪያቸውን ያራግፋሉ፤ መዳፋቸው ቢጫ። አጠገባቸው ያሉትን ሰው ይጨብጣሉ። እኚያ ሰው ደግሞ የመሶቡን ክዳን ይነካሉ።
እዚህ ቆም በሉ። ከላይ ወደ ታች የሚያይ ዕይታ፦ ክፍሉ በሙሉ፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ ቢጫ እጆች። ናቲ ያልነካቸው ቦታዎች ጭምር። ክራሩ ይቆማል።

ትዕይንት 5፦ ቱቱ (15 ሰከንድ)
ቱቱ እየዳኸች የወንበሩን እግር ትይዛለች። እጇን ታያለች። ቢጫ ነው። ፈገግ ትላለች፣ ጣቷን ወደ አፏ ትከታለች።
የናቲ ፊት፣ ቅርብ። ፈገግታው ቀስ ብሎ ይጠፋል። እጁን ያያል፤ አሁንም ያብለጨልጫል።
ናቲ (በሹክሹክታ)፦ «ግን… ታጥቤ ነበርኮ።»

ትዕይንት 6፦ እማማ (40 ሰከንድ)
ግቢ ውስጥ፣ ጀሪካኑ አጠገብ። እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የናቲን እጅ በእጃቸው ይዘዋል። ቱቱ ጭናቸው ላይ ናት።
ናቲ፦ «እማማ፣ ውሃ ነክቼ ነበር። ለምን አልሄደም?»
እማማ ቧንቧውን ይከፍታሉ። ቅርብ ዕይታ፦ ውሃው ቅቤው ላይ ሲደርስ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ተንከባሎ ይወርዳል። ቅቤው ንቅንቅ አይልም።
እማማ፦ «አየህ የኔ ጌታ፣ ቅቤና ውሃ ተኳርፈዋል። አይነጋገሩም። አስታራቂ ይፈልጋሉ።»
ሳሙናውን ያነሳሉ።
እማማ፦ «ሽማግሌው ይሄ ነው። በአንድ እጁ ቅቤውን ይይዛል፣ በሌላው ውሃውን። ከዚያ ይዟቸው ይሄዳል።»
ሥዕል፦ በትንሿ ክብ ውስጥ፣ እንደ ልጅ የጠመኔ ሥዕል፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ አረፋ በአንድ እጁ የቅቤ ጠብታ፣ በሌላው የውሃ ጠብታ ይዞ ይሄዳል። ከ4 ሰከንድ አይብለጥ። ፊት አትሥሩለት፤ ጋቢው ይበቃል።
ናቲ፦ «ሩሯ ላይ ያለውስ እበት? እሱ ግን ለቋል፤ አይታይም።»
እማማ (ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው)፦ «ቅቤው ስለሚታይ አወቅህበት። የማይታየው ቆሻሻም መንገዱ ይኸው ነው። ከበር ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ቱቱ አፍ።»
የትዕይንት 4 ክፍል ለአፍታ ይመለሳል። ቢጫዎቹ አሻራዎች ይደበዝዛሉ፤ ጠርዛቸው ብቻ በስሱ ይቀራል። አሻራዎቹ ባይታዩም ያሉበት ናቸው።

ትዕይንት 7፦ መታጠብ (50 ሰከንድ)
ናቲ እጅጌውን ይሰበስባል። ውሃው ሲነካው ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል።
ናቲ፦ «ይበርዳል!»
እማማ፦ «ይብረድ። ሳሙናው በቀዝቃዛም ሥራውን ይሠራል።»
እማማ ቧንቧውን ይዘጋሉ፤ ውሃው በከንቱ እንዳይፈስ። (ውሃ በጀሪካን የሚቀዳ ቤት ይህን ያውቃል፤ እንዳትዘሉት።) ከዚያ ይዘፍናሉ። ናቲ ይከተላል፦

ፈተግ ፈተግ መዳፌን፣
ፈተግ ፈተግ ጀርባውን፣
በጣትና ጣት መሀሉን፣
አውራ ጣቴን፣ ወፍራሙን፣
የጥፍሮቼን ሥር ሥሩን፣
አሁን ውሃ! አፍሱልን!

ዘፈኑ ሁለት ጊዜ ይዘፈናል። ሁለቱ አንድ ላይ 20 ሰከንድ መሙላት አለባቸው፤ እጅ በሳሙና መታሸት ያለበት ቢያንስ ለዚያን ያህል ነው። ሙዚቃውን የምትሠሩ፣ ፍጥነቱን በዚህ ለኩት። ልጁ ቤቱ ሄዶ ሰዓት አይኖረውም፣ ዘፈኑ ነው ሰዓቱ።
ካሜራው ቃሉን ይከተላል። «መዳፌን» ሲል መዳፍ፣ «ጀርባውን» ሲል ጀርባ። መጀመሪያ ዙር ላይ ቢጫው ከመዳፉ ይለቃል፣ ከአውራ ጣቱና ከጥፍሩ ሥር ግን አይለቅም። ሁለተኛ ዙር ላይ እነሱም ይለቃሉ። አረፋው ቢጫ እየሆነ ይወፍራል።
ቧንቧው ይከፈታል። ቢጫው ውሃ በድንጋዮቹ መሀል ይሄዳል። ናቲ እጁን በንጹሕ ፎጣ ያደርቃል። ሱሪው ላይ ሊጠርግ ሲል እማማ «እህ!» ይላሉ።
ቀጥሎ የቱቱ እጅ። ናቲ ራሱ ያሽላታል፣ ዘፈኑን እሱ ይዘፍናል። አንድ ስንኝ ብቻ እንስማ።

ትዕይንት 8፦ ማስታጠብ (45 ሰከንድ)
ሳሎን። አሻራዎቹ ተወልውለዋል። ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ናቲ በቀኙ ጆግ፣ በግራው ሳፋ፣ ትከሻው ላይ ፎጣ። ሳሙናው ሳፋው ጠርዝ ላይ በማስቀመጫው። ጆጉ ከበደው፤ ምላሱ በወለቀው ጥርሱ በኩል ወጥታለች።
መጀመሪያ እማማ፤ በዕድሜ ይኬዳል። በሳሙና ይታጠባሉ።
እማማ፦ «እደግ፣ የኔ ጌታ።»
ከዚያ ጋሼ ተፈራ። ዓይናቸው ወጡ ላይ ነው። የጣታቸውን ጫፍ ብቻ ይዘረጋሉ።
ናቲ አያፈስም። ጆጉን ከፍ አድርጎ ይዟል፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ። ዝምታ።
ናቲ (በአክብሮት፣ ቀስ ብሎ)፦ «ጋሼ… ሳሙናውስ?»
ሁሉም ዞር ይላል። ጋሼ እጃቸውን ያያሉ፣ ናቲን ያያሉ፣ ይስቃሉ። ሳሙናውን ያነሳሉ።
ጋሼ፦ «ስንት ጊዜ ነው የሚታሸው?»
ናቲ፦ «ዘፈኑ እስኪያልቅ!»
ቤቱ ሁሉ ይዘፍናል። የጋሼ ወፍራም አውራ ጣት፣ ቅርብ ዕይታ፣ በአረፋ ተሸፍኖ። ሳቁ በጋሼ ላይ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ እሳቸውም አብረው ይስቁ።
ጋሼ፦ «እደግ! ተመንደግ!»

ትዕይንት 9፦ ጉርሻ (20 ሰከንድ)
መሶቡ ይከፈታል። እንፋሎት። ናቲ እንጀራ ቆርሶ፣ ወጥ አጥቅሶ፣ ከእንቁላሉ ቁራሽ ጨምሮ ይጠቀልላል። ጉርሻው ከእጁ ይበልጣል። ወደ እማማ ያመጣዋል።
እማማ የናቲን እጅ ለአፍታ ይይዛሉ፣ ገልበጥ አድርገው ያያሉ። ከዚያ አፋቸውን ይከፍታሉ።

ትዕይንት 10፦ ምሽት (25 ሰከንድ)
የትዕይንት 1 ፍሬም፣ አንድም ነገር ሳይቀየር፤ ያው የቆርቆሮ በር፣ ያው ድንጋይ፣ ያው ጀሪካን። ጨልሟል፤ ከቤቱ መስኮት ብርሃን ይመጣል። የቡና ሙቀጫ ድምፅ።
በሩ ሲጥ። ናቲ ሱሪውን እየጎተተ ይወጣል። ብርድ ነው፣ አፉ ይተናል። ይሮጣል። ከፍሬሙ ይወጣል።
ካሜራው ሳሙናው ላይ ይቀራል። አንድ ሰከንድ። ሁለት።
የናቲ እግር ወደ ኋላ እየተራመደ ይመለሳል።
ጠብ። ጠብ። «እእእ!»
ከዚያ በጨለማው ውስጥ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፦ «ፈተግ ፈተግ መዳፌን…»
ሳሙናው ከማስቀመጫው ይነሳል። ምስሉ ይጠፋል፣ ዘፈኑ ግን ሁለቴ እስኪያልቅ ይቀጥላል።