ደብተሩን የሚያነብ የለም
ሰላም፣ ሜሮን እባላለሁ። ለዓመታት ባንክ ብድር ክፍል ሠርቻለሁ፤ ውሎዬ ባለሱቆችን «ማስያዣ የለህም» ብሎ መመለስ ነበር። ሰውየው ግን ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ ዘይትና ስኳር በዱቤ ያመጣል፣ ለሰፈሩ ሰውም በዱቤ ይሰጣል፣ ሁሉም ጫፉ በተቀዳደደ ደብተር ላይ ተጽፏል፤ ባንክ ያንን አያነብም።

እኛ እናነባለን። «መዝገብ» የሚባለው መተግበሪያችን ላይ ባለሱቁ ዱቤውን በስልኩ ይጽፋል፣ ደንበኛው በቴሌብር ሲከፍል ይቀነስለታል። ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል፣ መቼም አገራችንን ታውቁታላችሁ። ከስድስት ወር በኋላ፣ እሱ ከፈቀደ፣ የሽያጭ ታሪኩን ለአበዳሪ እናቀርባለን፤ ኮሚሽኑን የምንወስደው ከአበዳሪው ነው፣ ለባለሱቁ ነፃ ነው።

አሁን ኮልፌ ውስጥ 340 ሱቆች ይጠቀሙበታል። የምንፈልገው 8 ሚሊዮን ብር ነው፤ አብዛኛው ሱቅ ለሱቅ ዞረው ለሚያስመዘግቡ ልጆች ደመወዝ ይውላል። እስቲ አሠራሩን ላሳያችሁ።